ኢንተርኔት አለ፣ አካውንት ግን አልገባም ይላል፦ የኮንሶሉ ቀን ሊሆን ይችላል?

ማክዳ_ዜድ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ፒኤስ4 አለን፣ ከሰው እጅ የተገዛ። እስካሁን ያለ ችግር ሠርቷል። ዕቃ ስናዘዋውር ከሶኬት ተነቅሎ ለትንሽ ጊዜ ተቀመጠ። መልሰን ስንሰካው ጨዋታው ይከፈታል፣ አካውንቱ ግን አልገባም አለ።

የኔትወርክ ፍተሻውን አስነሳሁት። `Obtain IP Address` ሰክሰስፉል፣ `Internet Connection` ሰክሰስፉል፣ `PlayStation Network Sign-In` ግን ፌይልድ ይላል። የኮንሶሉን ብራውዘር ስከፍት ደግሞ ሁሉም ገጽ ላይ ሰርቲፊኬቱ ችግር አለበት የሚል ማስጠንቀቂያ ያመጣል። በዚያው ዋይፋይ ስልኬም ላፕቶፑም ምንም አልሆኑም።

ራውተሩን አጥፍቼ አብርቻለሁ። ፓስወርድም ቀይሬያለሁ። በአዲሱ ፓስወርድ ከስልኬ ስገባ ይገባል። አንድ ሰው "ሰዓቱን እይው" ብሎኝ ነበር። በስክሪኑ ጥግ ያለውን ሰዓት አየሁት፣ ከስልኬ ጋር የሚለያየው በጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ እሱ አይመስለኝም። ምን ላድርግ?

ኔትወርክ_አለቃ

ዲኤንኤሱን ቀይሪው። አይፒ አግኝቶ አካውንት የማይገባ ከሆነ ዘጠና በመቶው ዲኤንኤስ ነው። ካልሆነ አካውንቱ ታግዶ ይሆናል፣ ኢሜይልሽን እዪ።

ማክዳ_ዜድ

ዲኤንኤሱን ቀይሬ አይቻለሁ፣ ለውጥ የለም። አካውንቱም ከስልክ ስለሚገባ የታገደ አይመስለኝም።

ቦርድ_ጠጋኝ

ማክዳ፣ ዲኤንኤሱን ለጊዜው ተዪው። ዲኤንኤስ ቢሆን ብራውዘሩ ገጹን አላገኘሁትም ነበር የሚልሽ። አንቺ ጋ ገጹን አግኝቶታል። የመጣለትን ሰርቲፊኬት ነው ያልተቀበለው። ሁለቱ በጣም ይለያያሉ።

በስክሪኑ ጥግ የሚታየው ሰዓት ብቻ ነው። ቀንና ዓመት እዚያ ላይ የለም። ሰዓቱ በአጋጣሚ ተቀራርቦ ዓመቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። `Settings` ውስጥ `Date and Time` ግቢና ቀኑን ከነዓመቱ አንብቢው። ምንም ሳትነኪ መጀመሪያ የሚለውን ጻፊልኝ። ከሥሩ የሰዓት ሰቅ የሚል አለ፣ እሱንም ጨምሪ።

ማክዳ_ዜድ

ጋሼ፣ አየሁት። ዓመቱ ከአሥር ዓመት በላይ ወደ ኋላ ነው! ወሩም ቀኑም የማይመስል ነው። ሰዓቱ ብቻ ነው የተገጣጠመው። የሰዓት ሰቁ ደግሞ እኛ የምንኖርበት አይደለም፣ ዩቲሲ −8 ላይ ነው ያለው። የበፊቱ ባለቤት ትቶት የሄደው ይመስለኛል። የእኛ +3 ነው።

ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ቀን ከሰርቲፊኬት ጋር ምን ያገናኘዋል? ሰርቨሩ ሰዓቱን ያውቀው የለ?

ቦርድ_ጠጋኝ

ሰርቨሩ ያውቃል፣ ሰርቲፊኬቱን የሚመረምረው ግን የአንቺ ኮንሶል ነው። ሰርቨሩ "እኔ ነኝ" ብሎ ወረቀቱን ያቀርባል። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቀን ተጽፏል፦ ከዚህ ቀን ጀምሮ፣ እስከዚህ ቀን ድረስ። ኮንሶሉ የራሱን ሰዓት አይቶ "ዛሬ በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ነው ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። የሚያወዳድርበት ሌላ ሰዓት የለውም። የራሱ ሰዓት ከአሥር ዓመት በፊት ከሆነ ዛሬ የወጣ ሰርቲፊኬት ሁሉ ለእሱ ገና ያልጀመረ ነው። ስለዚህ ይዘጋዋል። መዝጋቱም ትክክል ነው፣ ምክንያቱም ከእሱ ወንበር ሲታይ ወረቀቱ ልክ አይደለም።

ድሮ ሰርቲፊኬቶች ለብዙ ዓመት ነበር የሚወጡት። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከመስከረም 2020 ወዲህ ለሕዝብ ድረ ገጽ የሚሰጡት ከ398 ቀን እንዳይበልጡ ተደርጓል። ከመጋቢት 15 ቀን 2026 ጀምሮ የሚወጡት ደግሞ ከ200 ቀን አይበልጡም። ብዙዎቹ 90 ቀን ብቻ ናቸው። እየጠበበ ሲሄድ የተሳሳተ ቀን ያለው መሣሪያ በአጋጣሚ የማለፍ ዕድሉም እየጠበበ ይሄዳል። ዓመት የሳተ ኮንሶል ዛሬ አንድም ገጽ ላይከፍት ይችላል።

ስልክሽ ደህና የሆነው ሰዓቱን ከኔትወርኩ በራሱ ስለሚያስተካክል ነው። ዋይፋዩ አንድ ሆኖ አንዱ መሣሪያ ብቻ ሲያስቸግር፣ መሣሪያው ብቻውን የያዘውን ነገር መጠርጠር ነው። ቀን ደግሞ ከእነዚያ አንዱ ነው።

ሌሊት_ተጫዋች

ይሄ እኔንም ገጥሞኛል! ሁለተኛ ማረጋገጫ ኮድ ሳስገባ ስህተት ነው ይለኛል። አፑ የሚሰጠኝን ስድስት ቁጥር በትክክል ነው የምጽፈው። ኮንሶሌ ላይ ቀኑን አስተካከልኩ፣ አሁንም እንቢ አለ። የሰዓት ሰቁንም መቀየር አለብኝ ማለት ነው?

ቦርድ_ጠጋኝ

አይ፣ ያንተ ሌላ ነው። ስድስቱን ቁጥር የሚያወጣው ስልክህ ነው፣ የሚያጣራው ሰርቨሩ ነው። ኮንሶሉ ቁጥሩን ተቀብሎ ከማሳለፍ በቀር ምንም የለበትም። ኮዱ በየ30 ሴኮንዱ የሚቀየረው በስልኩ ሰዓት ነው፣ ስለዚህ የስልኩ ሰዓት ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢዛነፍ ቁጥሩ አይገጥምም። ስልክህ ላይ ሰዓቱን አውቶማቲክ አድርገው። በእጅ የሞላኸው ከሆነ እሱ ነው።

ሌሊት_ተጫዋች

ስልኬ አውቶማቲክ አልነበረም። ጠዋት እንዳላረፍድ አሥር ደቂቃ አስቀድሜ ነው የማስቀምጠው። አሁን መለስኩት፣ ገባ! እግዜር ይስጥልኝ።

ኔትወርክ_አለቃ

እሺ፣ የማክዳ ቀን ነው እንግዲህ። ቀላል ነው። ስልክሽን አጠገብሽ አድርገሽ ዓመተ ምሕረቱን፣ ቀኑንና ሰዓቱን በእጅሽ ሙዪው። የሚታየው ሰዓት ከስልኩ ጋር አንድ ከሆነ በቃ፣ ሌላውን መነካካት አያስፈልግም።

ማክዳ_ዜድ

እንደተባለው አደረግሁ። ዓመቱንና ቀኑን ሞላሁ፣ ሰዓቱን ከስልኬ አይቼ 20:10 አልኩት። ብራውዘሩ ወዲያው ተከፈተ! ማስጠንቀቂያው ጠፋ። ደስ ብሎኝ አካውንቱን ስሞክር ግን አሁንም ልክ አልሆነም። አንዴ ይገባና ትንሽ ቆይቶ ያስወጣኛል፣ እንደገና ግቢ ይላል።

ቦርድ_ጠጋኝ

ኔትወርክ አለቃ፣ ግማሹን ትክክል ብለሃል። ዓመቱን መመለስ ግዴታ ነበር፣ ብራውዘሩም ለዚህ ነው የተከፈተው። "የሚታየው ሰዓት ከገጠመ በቃ" የሚለው ግን ልክ አይደለም። የሚታየው ሰዓት ለሰው ዓይን ነው። መሣሪያው ከውጭ ጋር የሚነጋገረው ዩቲሲ በሚባለው የዓለም የጋራ ሰዓት ነው፣ ዩቲሲውን የሚያሰላው ደግሞ ከሚታየው ሰዓት ላይ ሰቁን ቀንሶ ነው።

ማክዳ፣ አብረን እናስላው። 20:10 ብለሽ ሞላሽ። ሰቁ ግን −8 ላይ ነው። ኮንሶሉ "እዚህ 20:10 ከሆነ ዩቲሲ ስምንት ሰዓት ይቀድማል" ብሎ ያስባል። ስለዚህ ዩቲሲን በማግስቱ 04:10 አድርጎታል። እውነተኛው ዩቲሲ ግን ከ20:10 ላይ ሦስት ሰዓት ሲቀነስ 17:10 ነው፣ ያውም የዛሬው። ኮንሶልሽ ከዓለም 11 ሰዓት ቀድሟል ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የሚታይ ስህተት የለም።

ሰርቲፊኬት 11 ሰዓትን አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል፣ ምክንያቱም ዕድሜው በወር ነው። ሊያልቅ ሰዓታት የቀረው ካልሆነ በቀር አይጎዳውም። መግቢያው ግን እንደዚያ አይደለም። አካውንት ስትገቢ ሰርቨሩ ጊዜያዊ ማለፊያ ይሰጥሻል፣ ቶከን የሚባለውን። የእሱ ዕድሜ ብዙ ጊዜ በሰዓት፣ አንዳንዴም በደቂቃ ነው የሚቆጠረው። ለአንድ ሰዓት የተሰጠ ማለፊያ 11 ሰዓት የቀደመ መሣሪያ እጅ ሲገባ ገና ሲቀበለው ጊዜው ያለፈ ይመስለዋል። ገባ ወጣ የሚያስብልሽም ይሄ ይመስለኛል።

አሁን ሌላ ነገር ሳትነኪ ሰቁን ብቻ ወደ +3 አዙሪው። ከዚያ ሰዓቱን ተመልከቺ።

ማክዳ_ዜድ

ኧረ! ሰቁን ብቻ ነው የቀየርኩት፣ ሰዓቱ ዘሎ የነገ ጠዋት 07:14 ሆነ። ስልኬ ላይ ገና 20:14 ነው። ቆጠርኩት፣ ልክ 11 ሰዓት።

ቦርድ_ጠጋኝ

አየሽው አይደል? ስህተቱ ፊትም ነበረ፣ አሁን ነው ወደ ላይ የወጣው። ስለዚህ ሁልጊዜ ሰቁን አስቀድሚ፣ ሰዓቱን አስከትዪ። የበጋ ሰዓት ማስተካከያ የሚል ካለ እሱም ከሰዓቱ በፊት ይታይ፣ የአንድ ሰዓት ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከእሱ ነው። አሁን ሰቁ ተስተካክሏልና ሰዓቱን በኢንተርኔት አስተካክል የሚለውን ተጫኚ። በእጅ መሙላት ማሽኑ መጀመሪያ እንዲነሳ ነው፣ ከዚያ በኋላ ለማሽኑ ተዪው።

ማክዳ_ዜድ

ተስተካከለ! ገባ፣ አላስወጣኝም። ወንድሜ ከጎኔ ሆኖ እየጮኸ ነው። ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ግን ይቅርብኝ ማለት አልችልም፦ መጀመሪያ ለምን ተበላሸ? ከሶኬት ስለተነቀለ ብቻ?

ቦርድ_ጠጋኝ

መነቀሉ ጥፋቱን አወጣው እንጂ አልፈጠረውም። ቦርዱ ላይ አንድ ትንሽ ክብ ባትሪ አለ፣ ፊቱ ላይ CR2032 ተብሎ የተጻፈበት። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ሰዓቱን የሚያስቆጥረው እሱ ነው። ኮንሶሉ እንደተሰካ ከሆነ፣ ጠፍቶም ቢሆን፣ ሰዓቱ ኃይል የሚያገኘው ከሶኬቱ ነው። ባትሪው ሞቶም ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ የሚኖረው በዚህ ነው። የተነቀለ ቀን ሰዓቱን የሚይዝለት የለም።

ግን ሳታረጋግጪ ማሽን አትክፈቺ። ሰዓቱ አሁን ልክ ነው። ኮንሶሉን ሙሉ በሙሉ አጥፊው፣ ሬስት ሞድ አይደለም። ከሶኬት ንቀዪው፣ ይደር። ጠዋት ከመሰካትሽ በፊት ራውተሩን አጥፊው ወይም ገመዱን አውጪው። ይሄን አትርሺ። ኢንተርኔት ካገኘ ሰዓቱን በራሱ ያስተካክልና ባትሪው ደህና መስሎሽ ይቀራል። ኢንተርኔት ሳይኖረው ተነስቶ ቀኑ ልክ ከሆነ ባትሪው በሕይወት አለ። ወደ ኋላ ተመልሶ ከተገኘ ሞቷል።

አሮጌ_ጆይስቲክ

ይሄን ሳነብ በፈረንጆቹ መጋቢት 1 ቀን 2010 ትዝ አለኝ። የድሮዎቹ ወፍራም ፒኤስ3ዎች በዓለም ዙሪያ በአንድ ቀን አካውንት አልገባ አሉ። 8001050F የሚል ቁጥር ይወጣ ነበር። ውስጣቸው ያለው ሰዓት 2010ን የካቲት 29 ያለው ዓመት አድርጎ በመቁጠሩ ቀኑ ተምታታ፣ በማግስቱ በራሱ ተመለሰ። ያኔ የማንም ባትሪ አልሞተም፣ የማንም ሴቲንግ አልተነካም። ሰዓት ስትሉ ሁልጊዜ የተጠቃሚው ጉዳይ ብቻ አይደለም ለማለት ነው።

እኔ አሁንም ፒኤስ3 አለኝ። ቀኔ ልክ ነው፣ ሰቄ ልክ ነው፣ ባትሪዬም አዲስ ነው። ብራውዘሩ ግን አንዳንድ ገጽ ላይ ሰርቲፊኬት ይላል። ቀኑን ወደ 2021 ስመልሰው አንዳንዱ የሚከፈትልኝ ጊዜ ነበር። ስለዚህ ቀኑን ወደ ኋላ መመለስም መፍትሔ ነው ባይ ነኝ።

ቦርድ_ጠጋኝ

ያንተ የቀን ችግር ሳይሆን የእምነት ዝርዝር ችግር ነው። መሣሪያው የሚያምናቸውን ዋና ፈራሚዎች ዝርዝር ውስጡ ይዞ ነው የሚመጣው። ብዙ ድረ ገጾች የተደገፉበት DST Root CA X3 የሚባለው ዋና ሰርቲፊኬት መስከረም 30 ቀን 2021 ጊዜው አለቀ። በአፕዴት አዲሱን ዋና ፈራሚ ያገኙ መሣሪያዎች አለፉት። ያላገኙት በልክ ሰዓትም ቢሆን ያንን ሰንሰለት ልክ አይደለም ይላሉ። ቀኑን ወደ ኋላ ስትመልስ ያለቀው ዋና ሰርቲፊኬት እንደገና በሕይወት ያለ ይመስለዋል።

መፍትሔ ግን አልለውም። ድረ ገጹ አዲስ ሰርቲፊኬት ባወጣ ቁጥር መጀመሪያው ከአንተ የውሸት ቀን በኋላ ይሆናል፣ ያኔ በሌላኛው በኩል ይዘጋል። አካውንቱም በዚያ ቀን አይገባም። ደግሞም ያለቀ ወረቀት እንዲያምን ማሽንህን እያታለልከው ነው፣ የይለፍ ቃል በምትጽፍበት ዕቃ ላይ ይሄን አልመክርም።

አሮጌ_ጆይስቲክ

በይለፍ ቃሉ እስማማለሁ። እኔ ግን ለማንበብ ብቻ ነው የምከፍተው፣ ምንም አልጽፍበትም። ለዚያ ቢሆን ምን ይጎዳል? በዚህ አልተግባባንም።

ሁለት_ሲስተም

ስለ ሰቅ የተባለው እኔ ጋ በሌላ መልኩ አለ። በእጅ የሚያዘው ስቲም ዴክ ላይ ዊንዶውስ ጨምሬበታለሁ። ከዊንዶውስ ወጥቼ ወደ ስቲም ኦኤስ ስመለስ ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ቀድሞ አገኘዋለሁ። ኢንተርኔት ሳይዝ ከከፈትኩት ሱቁ አካባቢ ስህተት ይበዛል። ዋይፋዩ ከያዘ በኋላ ቆይቶ ይስተካከላል። የእኔም ባትሪ ነው?

ቦርድ_ጠጋኝ

ባትሪ አይደለም። ባትሪ ሲሞት ስህተቱ ዓመት ነው፣ ያንተ ልክ እንደ ሰቅህ ሦስት ሰዓት ነው። የስህተቱ መጠን ራሱ ነው የሚናገረው።

ቦርዱ ላይ ያለው ሰዓት አንድ ነው፣ ሁለቱ ሲስተሞች ግን የሚያነቡት ለየብቻ ነው። ዊንዶውስ የአካባቢህን ሰዓት ይጽፍበታል። ስቲም ኦኤስ ሲነሳ ያንኑ ቁጥር ዩቲሲ ነው ብሎ ያነበውና ሦስት ሰዓት ይጨምርበታል። ስቲም ኦኤስ ላይ ተርሚናል ከፍተህ ይሄን ጻፍ፦

```
timedatectl
```

`RTC time` ከሚለው መስመር አጠገብ ያለው ቁጥር ከስልክህ ሰዓት ጋር ከገጠመ ዊንዶውስ የጻፈው ነው። ልክ ቢሆን ኖሮ ከስልክህ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነበር መሆን ያለበት። ዋይፋይ ሳይዝ ተመልከተው፣ ከተመሳሰለ በኋላ ይጠፋብሃል።

የሚሻለው ዊንዶውሱን ዩቲሲ እንዲጽፍ ማድረግ ነው። በአስተዳዳሪ መብት በተከፈተ ኮማንድ ፕሮምፕት፦

```
reg add "HKLM\SYSTEM\CurrentControlSet\Control\TimeZoneInformation" /v RealTimeIsUniversal /t REG_DWORD /d 1 /f
```

ከዚያ ዊንዶውሱን ሪስታርት አድርገህ ሰዓቱን አንዴ አመሳስለው።

ሁለት_ሲስተም

`RTC time` ከስልኬ ጋር አንድ ነበር። ትዕዛዙን አስገባሁ፣ ዊንዶውስ ደርሼ ተመለስኩ። ዋይፋይ ጠፍቶም ሰዓቱ ልክ ነው።

ማክዳ_ዜድ

ሙከራውን አደረግሁ። ተነቅሎ አደረ፣ ራውተሩን አጥፍቼ ሰካሁት። `Date and Time` ስገባ ዓመቱ ተመልሶ ሄዷል! ሰቁ ግን +3 እንዳለ ነው።

ቦርድ_ጠጋኝ

ሰቁ ሴቲንግ ስለሆነ ያለ ባትሪም ተቀምጦ ይቆያል፣ አይጠፋም። የሚጠፋው የሚቆጥረው ሰዓት ብቻ ነው። ባትሪሽ ሞቷል።

መቀየሩ ከባድ አይደለም፣ ግን እንደ ሞዴሉ ነው። በአንዳንዱ ቶሎ ይደረሳል፣ በአንዳንዱ ቦርዱ ድረስ መፍታት ይጠይቃል። ብሎኖቹ ባለ ኮከብ ናቸው፣ ቲ8 የሚባለው መሃሉ ቀዳዳ ያለው መፍቻ ያስፈልጋል። አሮጌውን ስታወጪ የጽሑፉ ፊት ወዴት እንደነበር አስተውዪ፣ አዲሱም እንደዚያው ነው የሚገባው። ቮልት መለኪያ ካለሽ አሮጌውን ለኪው። ጤነኛው 3 ቮልት አካባቢ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ያሳያል። ከ2.5 በታች ከሆነ እኔ አልመልሰውም።

ያወጣሽውን ባትሪ ጠረጴዛ ላይ አትተዪው። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ በተለይ። የተዋጠ ክብ ባትሪ በሰዓታት ውስጥ ጉሮሮን ያቃጥላል፣ ገዳይ ነው። ፕላስተር ጠቅልለሽበት ከልጅ እጅ የራቀ ቦታ አድርጊው።

ኔትወርክ_አለቃ

እኔ ብሆን አልከፍተውም። ኢንተርኔት እስካለ ድረስ ሰዓቱን ራሱ ያስተካክላል። ሳይነቀል ከተቀመጠ ችግሩ የለም። ለአንድ ባትሪ ብሎን መፍታት ምን ይሠራል?

ቦርድ_ጠጋኝ

ይሄም የሚያስኬድ ሐሳብ ነው። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ከሆነ፣ መብራትም ብዙ የማይጠፋ ከሆነ፣ ሊቆይ ይችላል። ግን ኢንተርኔት በሌለበት ከበራ ቀኑ የተሳሳተ ሆኖ ይቆያል። ፒኤስ4 ላይ ደግሞ ድሮ ከዚህ የከፋ ነበር። ባትሪው ሞቶ ከኢንተርኔት ጋር ሰዓት ማመሳሰል ያልቻለ ማሽን ጨዋታ አልከፍትም ይል ነበር። በመስከረም 2021 የወጣው 9.00 አፕዴት ነው ያንን ያቃለለው። ማክዳ፣ የአንቺ ሶፍትዌር ከዚያ በላይ ከሆነ ጨዋታው አይቆምብሽም። ስለዚህ ምርጫው የአንቺ ነው።

ማክዳ_ዜድ

ሶፍትዌሩ ከዚያ በላይ ነው። ቢሆንም ወንድሜ ኢንተርኔት የሌለበት ቦታ ይዞት ስለሚሄድ ባትሪውን እናስቀይረዋለን። እኔ አልፈታውም፣ እጁ የለመደ ሰው ይፍታው።

ብርቱካን_ቀለም

በመሃል ልግባ። ያለውን ሁሉ አንብቤ የእኔን ፈተሽኩ። ዓመቱ ልክ፣ ሰቁ ልክ፣ ነቅዬ አሳድሬ ባትሪውም ደህና ነው። ዶርም ዋይፋይ ላይ ግን ሰርቲፊኬት ይለኛል። በስልኬ ሆትስፖት ስሞክር ያለምንም ችግር ይገባል። ሰዓቱን በኢንተርኔት አስተካክል ስለውም ዶርም ላይ አይሠራም።

ኔትወርክ_አለቃ

እዚህ ላይ እኔን ስሙኝ። አንዳንድ የተቋም ኔትወርክ ኤንቲፒን ይዘጋል፣ ዩዲፒ ፖርት 123ን። ሰዓት ማስተካከያው ያልሠራልህ ለዚያ ሊሆን ይችላል።

ቦርድ_ጠጋኝ

ሊሆን ይችላል፣ ጥሩ ብለሃል። ግን ሰዓቱ ቀድሞውኑ ልክ ከሆነ የፖርቱ መዘጋት ሰርቲፊኬቱን አያስቆጣም። ብርቱካን፣ ዶርም ዋይፋይ ላይ ሆነህ በላፕቶፕ ብራውዘር አንድ ድረ ገጽ ክፈትና የሰርቲፊኬቱን ዝርዝር እይ፣ ማን እንደፈረመው የሚለውን። ያንኑ ገጽ በሆትስፖት ክፈትና አወዳድር። ፈራሚው ከተለያየ ኔትወርኩ መሃል ገብቶ በራሱ ሰርቲፊኬት እየተካው ነው። ላፕቶፖች ያንን እንዲያምኑ ተደርገው ይሆናል፣ ኮንሶል ላይ ግን የምትጨምርበት ቦታ የለም። እንዲህ ከሆነ በሴቲንግ የሚፈታ አይደለም፣ ኔትወርኩን የሚያስተዳድረውን ክፍል ነው የምትጠይቀው።

ብርቱካን_ቀለም

አየሁት፣ በሁለቱም ፈራሚው አንድ ነው። ያየሁት ግን አንድ ተራ ድረ ገጽ ነው፣ የመግቢያውን አድራሻ አይደለም።

ቦርድ_ጠጋኝ

እንግዲያው አልለየም። የሚተኩት አንዳንድ አድራሻ ብቻ ሊሆን ይችላል። የመግቢያውን ድረ ገጽ በላፕቶፑ ክፈትና ያንኑ አድርግ። ከዚያ ጋር ስህተቱ ሲመጣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ሙሉውን፣ ፊደሉንም ሰረዙንም ሳትተው፣ እዚህ ጻፍልኝ።